የጓዳው ሶኬት ከየት ይበላል?

ጦርነቱ ከመርሳ ከተማ ሲርቅ ሰው ቤቱን ጠርጎ፣ የሞተበትን አልቅሶ፣ መብራት ሲጠብቅ ከረመ። መብራቱ የመጣ ዕለት ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ነሲባ ግን እልልታዋን ሳትጨርስ ሮጣ ሄዳ ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች አደረገችው።

«እማ! ምነው?» አለች ልጇ ሀስና፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«ግድግዳው ሳይሠራ አይሆንም!»

በጓዳው ግድግዳ የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ገብቶ ልስኑን ቦድሶት፣ የሽቦው ጫፍ ወጥቶ ይታያል። አራት ልጆቿ የሚተኙት በዚያ ግድግዳ ሥር ነው። ቤቱን በየዘመኑ አንድ አንድ ክፍል እየቀጠሉ የሠሩት አማቷ ሐጂ አብዱልሐሊም ነበሩ። የትኛው ብሬከር የቱን ክፍል እንደሚያበራ የሚያውቁትም እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ለማንም ሳይናገሩ ወደ አኼራ ሄዱ። ነሲባ ያን ሌሊት ልጆቹን ሳሎን አስተኛቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ማሩ ከወልድያ መጣ። ሳጥኑን ከፍቶ ስድስቱን ብሬከሮች አየና፣ «ግድግዳውን ከመንካቴ በፊት እያንዳንዱ የማን እንደሆነ እንወቅ» አለ። ዋናው ይመለስና አምፖል ሁሉ ይብራ፤ እሱ አንድ አንዱን ያጥፋ፤ ሀስና እየሮጠች የጠፋውን ትናገር፤ ነሲባ በፕላስተር ላይ ጽፋ ከየብሬከሩ ሥር ትለጥፍ።

«የሳሎን ጠፋ!» አለች ሀስና።

ነሲባ «ሳሎን» ብላ ጻፈች። ሁለተኛው የማድቤት ሆነ። ሦስተኛው ሲወርድ፣ «የጓዳ ጠፋ!»

«በቃ ተገኘ» አለ ማሩ። «መሮዬን አቀብሉኝ።»

ነሲባ እስክሪብቶዋን አላነሳችም። «የጠፋው አምፖሉ ነው። ሶኬቱስ?»

«እትዬ ነሲባ፣ በአንቺ ስጋት አገር ይጠበቅ ነበር እኮ!» ብሎ ሳቀ። ያም ሆኖ ሬዲዮ አስመጥቶ ሶኬቱ ላይ ሰካው። ሬዲዮው የአምባሰል ዘፈን ለቀቀ።

የማሩ ሳቅ ተቋረጠ። አራተኛውን አወረደ፤ ሬዲዮው ይዘፍናል። አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን አወረደ፤ ይዘፍናል። በመጨረሻ ዋናውን አጠፋ። ቤቱ ሁሉ ጭልም አለ፤ ሬዲዮው ግን ዘፈኑን ቀጠለ።

«ቢስሚላህ!» አለች ሀስና ወደ ኋላዋ እያፈገፈገች። «እማ፣ ጂን ነው?»

ነሲባ ሀስናን ከግድግዳው አራቀቻት። ሌሊቱን ሙሉ አጠፋሁት ብላ ያደረችው ሽቦ እሳቱን እንደያዘ ነበር ማለት ነው።

«ጂንስ አይደለም» አለ ማሩ። «ይሄ ሶኬት መብራት የሚበላው ከሌላ ቤት ነው። ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ማን አለ?»

ከወዲያ ያሉት ጎረቤቷ እትዬ ብዙነሽ ናቸው። ነሲባም የአማቷ ወሬ ትዝ አላት፤ ጓዳው ድሮ የብዙነሽ አባት እህል ማስቀመጫ ነበር። ሐጂ ከሳቸው ገዝተው ወደዚያ ቤት የሚያወጣውን በር በድንጋይ ደፈኑት። በሩ ተደፈነ፤ ሽቦው ግን ቀረ! ሶኬቱ አንዳንዴ ለብቻው ሲጠፋ ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ «ያው መብራት ነው፤ ይመጣል» እያለ ዓመታት ኖሯል።

«እትዬ ብዙነሽ!» ብላ በአጥሩ ላይ ተጣራች። «ብሬከሮችዎን አንድ በአንድ ያጥፉልኝ!»

«ምነው ልጄ፣ ሦስት ወር ጨለማ አልበቃሽም?»

«ስሞትልዎ!»

ብዙነሽ እያጉተመተሙ ገቡ። አንዱን ቢያጠፉ ሬዲዮው ይዘፍናል። ሁለተኛውን ሲያጠፉ ጸጥ አለ።

«ሞተ!» ብላ ሀስና ዘለለች። ነሲባ የትናንቱን እልልታ አሁን ጨረሰችው። ማሩ ኤሌክትሪክ ሲነካ በሚበራው ቴስተሩ ሶኬቱንም የወጣውንም ሽቦ ደጋግሞ ነካ፤ አልበራም።

«እትዬ ብዙነሽ፣ ማንም እንዳይመልሰው!» አለች ነሲባ።

«እዚሁ ቆሜያለሁ!» አሉ ብዙነሽ። «የሰው ልጅ እጅ ግድግዳ ውስጥ እያለ ማን አባቱ ነው የሚነካው? በዚህ ዘንግ ነው የምለው!»

ማሩ ልስኑን ፈነቀለ። ነሲባ በእጅ ባትሪ አበራችለት። ውስጡ ሁለቱ ሽቦዎች ልባሳቸው ተገፎ ሊነካኩ የጥፍር ያህል ቀርቷቸዋል፤ የአውራ ጣት የምታክል የብረት ስባሪ ከሥራቸው ተሰክታለች። ስባሪዋን ነቅሎ አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«አልሀምዱሊላህ» አለች፤ እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣባት።

ማሩ የጎረቤቱን ሽቦ ቆርጦ ጫፉን ዘጋ፤ ለሶኬቱም ከራሷ ሳጥን አዲስ ሽቦ ስቦ ምንም በማያበራው ስድስተኛው ብሬከር ላይ አሰረው። ነሲባም «የጓዳ ሶኬት» ብላ ጽፋ ለጠፈችበት።

ብዙነሽ ዘንጋቸውን እንደያዙ መጡና ሳጥኑን አዩት። «ታዲያ የኔ ባዶውን ሊቀር ነው? ቤቴ ገብተሽ ጻፊልኝ እንጂ! ማን ያውቃል፣ እኔም ሰው ቤት እየበላሁ ይሆናል።»

ሀስና ሳትጠራ ቀድማቸው ሮጠች።