የፈለቀች አሞሌ

ፈለቀች መቀመጥ አልቻለችም። ባለጉዳዩ ሁሉ በዳኛው አጥር ሥር ነጠላውን አንጥፎ ተራውን ሲጠብቅ፣ እሷ ከበሩ እስከ ግራሩ፣ ከግራሩ እስከ በሩ ትመላለሳለች። ምሽግ የሚጠብቅ ዘበኛ እንኳ እንደዚህ አይንቆራጠጥም። በዚያ ላይ የጎባ ብርድ ጠዋት ጠዋት ያንገበግባል፤ እሷ ግን ብርዱም አልተሰማት።

ባሏ ገብረ መድኅን አገሩ ሲያዝ ከሸዋ መጥተው ጎባ ከሰፈሩት ወታደሮች አንዱ ነበር። ከሁለት ክረምት በፊት የአለቃውን ደብዳቤ ይዞ በሳነቴ አምባ በኩል ወደ ደሎ ወረደ። ወረደ፤ በቃ፤ ይኸው እስከ ዛሬ የለም። ሰው «ሞቷል» ሲላት ትቆጣለች፤ «ይመጣል» ሲላትም ታለቅሳለች። እንዲህ አድርጎ የሚያንገላታ ነገር አይጣል ነው።

አሁን ደግሞ ቃሲም የሚባል የሳነቴ ከብት ጠባቂ ከአንድ ቋጥኝ ሥር የናስ ቱቦ አግኝቶ ለዳኛው አስረከበ። አንዱ ጫፉ ተጨፍልቋል፣ በሌላው ጫፍ ጥርስ ጥርስ የመሰለ መጠምዘዣ አለው፣ ጎኑ ላይ የብየዳ መስመር ይታያል። አጠገቡ አጥንት የለ፣ ጨርቅ የለ። ገብረ መድኅን አንድ ፈረንጅ አዳኝ መርቶ ሲመለስ የተሸለመው የሩቅ ማያ መነጽር ነበረው፤ ከአንገቱ አይለየውም፣ ሲተኛ እንኳ ትራሱ ሥር ነው። ተሰብሮበትም አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰዓት ሠሪ የመሐል ቱቦውን በአዲስ ቀይሮለታል። ቱቦው የመነጽሩ ነው ወይስ ከነጋዴ በቅሎ የወደቀ የፋኖስ ዘይት መቅጃ? ጎባ ላይ ይህን የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

የባሏ ወንድም ብዙነህ ግን አወቀ። ምን የማያውቀው አለ! «የወንድሜ ነው፤ ተዝካሩ ይውጣ፤ እሷ የያዘችው መሬቱም ለእኔ ይመለስ» ብሎ ከሰሰ። ዳኛው ሁለቱንም ሰምተው እንዲህ ፈረዱ፦

«ሰዓት ሠሪው ይጠየቅ። የገብረ መድኅን ነው ካለ ሰውዬው ሞቷል፤ መሬቱ ለወንድም። አይደለም ካለ ሚስት ባሏን ትጠብቅ፤ መሬቱም ከእሷ ጋር ይቆይ። ዕቃው ግን ከደጄ አይወጣም፤ መንገድ ላይ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?»

ታዲያ ያልተላከ ዕቃ እንዴት ይታያል? ለዚህ ነው ደጀኔ የተጠራው። ደጀኔ ሹማምንቱን ፎቶግራፍ ሊያነሣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ባለሦስት እግር ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፎ የሚዞር ሰው ነው።

ደጀኔ ሰሌዳ ግድግዳ ላይ አቁሞ፣ ቱቦውን በሁለት ምስማር ላይ አጋድሞ፣ ካሜራውን ፊት ለፊት ቀጥ አድርጎ ተከለ። «ከተንጋደደ ቅርቡ ትልቅ፣ ሩቁ ትንሽ ሆኖ ይወጣል» አለ። ከዚያ ከወገቡ አንድ ጠገራ ብር አውጥቶ ከቱቦው ጎን ሊያደርግ ሲል ፈለቀች እጁን ያዘችው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«እመቤቴ፣ ፎቶግራፍ ብቻውን መጠን አይናገርም። ጣት የሚያህለውም ክንድ የሚያህለውም አንድ ዓይነት ይመስላል። ሰዓት ሠሪው የሚያውቀው ዕቃ አብሮ ከታየ ግን በዚያ ይለካዋል። ብር ደግሞ የትም አንድ ነው።»

«ከባሌ ዕቃ ጎን ብር አይቀመጥም! በዚህ አገር ከጠፋ ሰው ዕቃ አጠገብ ብር ማኖር ጉማ ነው፤ የደም ካሣ መቀበል ነው። ማን ሞተና ነው?»

ደጀኔ ቢለምናት፣ ቢያባብላት አልሰማ አለች። ቤቷ ሮጣ ከሣጥኗ አንድ አሞሌ ጨው ይዛ ተመለሰች። «ይኸው። አሞሌ የማያውቅ ሐበሻ የለም።»

«ጫፉ ተሸራርፏልኮ» አለ ደጀኔ፤ ግን ደክሞት ነበር፣ ፀሐዩም እየሸሸው ነው።

አሞሌውን ከቱቦው ጎን፣ ከካሜራው እኩል እንዲርቅ አድርጎ አስቀመጠ። ርዝመታቸው አንድ ሆነ። አንዱን ፎቶግራፍ ከጎን፣ አንዱን አዙሮ የብየዳው መስመር እንዲታይ፣ አንዱን መጠምዘዣው ፊት ለፊት፣ አንዱን የተጨፈለቀውን ጫፍ አነሣ። በመጨረሻም ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ብርሃኑ በአግድም እየዳበሰው ጭረቱ ሁሉ ጎልቶ ሲወጣ አንድ ጨመረ። በየአንዱ ላይ አሞሌው አለ። ፎቶግራፎቹ በበቅሎ ተጭነው ወደ ሰዓት ሠሪው ሄዱ።

ሁለት ወር ከምናምን! ፈለቀች በእነዚያ ቀናት ሰው አልነበረችም። ምስር ትለቅምና እንክርዳዱን ትታ ምስሩን ትጥላለች። ውሻ በጮኸ ቁጥር ትወጣለች። ቤተ ክርስቲያን ቆማ ቅዳሴው ሳያልቅ ትመለሳለች፤ ቤቷ ስትደርስ ደግሞ ለምን ተመለስኩ ብላ ትናደዳለች።

ደብዳቤው መጣ። ማንበብ ስለማትችል ደጀኔ በዳኛው ፊት አነበበላት።

«በመልኩ እኔ የሠራሁትን ይመስላል፤ ብየዳውም የእጄን ይመስላል። ነገር ግን አሞሌ አስመጥቼ ለክቼዋለሁ፤ የእናንተ ቱቦ አንድ አሞሌ ሙሉ ነው። በደብተሬ የተጻፈው የአቶ ገብረ መድኅን ቱቦ የአሞሌ ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ የእሱ አይደለም።»

ፈለቀች እልል አለች። ዳኛው ፊት፣ ብዙነህ ፊት፣ ሳታፍር እልል አለች። ያን ሳምንት ቤቷን ለቀለቀች፣ የባሏን ጋቢ አጥባ አሰጣች። ደስታ እንዲህ ሞኝ ያደርጋል።

በረቡዕ ሮቤ ገበያ ወረደች። ከሰሜን ገና የገባ አንድ የጨው ነጋዴ በሣር የተጠቀለለ ጭነቱን ሲፈታ አየችና ሣቀች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ግንድ ነው እንዴ?»

«አሞሌ ነዋ፣ እኅቴ።»

«አሞሌ እንዲህ ይረዝማል?»

«ከጨው አገሩ ሲወጣ እንዲህ ነው። እናንተ ጋ ሲደርስ በቅሎ ሲፍቀው፣ እርጥበት ሲበላው፣ ስንት እጅ ሲሸራርፈው ያልቃል። እዚህ የሚዞረውን አይቼ እኔም ገርሞኛል።»

ሣቋ አፏ ላይ ደረቀ። በያዘችው ገብስ አንዱን ለውጣ፣ ሌላ ነገር ሳትገዛ ጎባ ድረስ በእግሯ ተመለሰች። መንገድ ላይ በኦሮምኛ «ነጋ?»፣ ሰላም ነሽ ወይ፣ እያሉ ሰላምታ የሚሰጧትን እንኳ አልሰማችም። አሮጌውን አሞሌ ከሣጥኗ አውጥታ ከአዲሱ ጎን አስተኛችው። በስንዝሯ ለካች፣ በጣቷ ለካች፣ እንደገና ለካች። አሮጌው የአዲሱ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ቱቦው ደግሞ ከአሮጌው ጋር እኩል ነበር። ሰዓት ሠሪው በሙሉ አሞሌ ለክቶ በደብተሩ የጻፈው ልክ ይኸው ነው።

ከበሩ እስከ ምሰሶው ተመላለሰች። ማንም አያውቅም። ዝም ብትል መሬቱ የእሷ ነው፣ ጋቢውም ገመዱ ላይ ተሰጥቶ ይጠብቃል። ግን እሱ ከዚያ ቋጥኝ ሥር በብርድ ተኮራምቶ ቀርቶ፣ ፍትሐት እንኳ ሳያገኝ እሷ እልል ብላለች። ይህ አንጀቷን በላው። ጋቢውን ከገመዱ አውርዳ አጠፈችው፤ ሁለቱን አሞሌ በነጠላዋ ይዛ ወጣች።

ደጀኔ በሩ ላይ ፊቷንና ጎን ለጎን የዘረጋችለትን ሁለት አሞሌ ሲያይ ካሜራውን አንሥቶ ተከተላት። ዳኛውን አስፈቅደው ቱቦውን በዚያው ሰሌዳ ላይ አጋደሙት። እሷ በአንድ ጎኑ አሮጌውን፣ በሌላው ጎኑ አዲሱን አሞሌ አጋደመች። ደጀኔ ጥቁሩን ጨርቅ ራሱ ላይ ጣል ሊያደርግ ሲል፣

«ቆይ» አለችው።

ከመቀነቷ አንድ ጠገራ ብር ፈታች። ከባሏ ዕቃ ጎን፣ ከካሜራው እኩል እንዲርቅ አድርጋ፣ ራሷ አኖረችው።

«ጉማ አይደለም» አለች። «መለኪያ ነው። አንሣው።»