ያልተነበበው ቅናሽ

ቁጣዬ ቅርብ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ከሌላ ሰው አፍ ብትሰሙት ስለሚጋነን ነው። ስሜ የብርጓል ይባላል፤ በጎሽ ሜዳ ከተማ የአንድ እንጨት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ፤ ሲያስፈልግ መላጊያም እገፋለሁ። አሥራ ሁለት ሆነን የምንሠራበት ሼድ የመንግሥት ነው። በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. መስከረም ላይ ከጥቃቅንና አነስተኛ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣልን፦ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሥራ ካልያዛችሁ ሼዱ ለሌላ ማኅበር ይሰጣል ይላል። ሼዱ ከሄደ ማኅበሩም አበቃለት፤ አሥራ ሁለታችንም ይህን እናውቀው ነበር።

ሊቀመንበራችን መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው፤ እኛ የኔታ እንላቸዋለን። ድሮ ዜማ ያስተምሩ ነበር። በኋላ መቋሚያና አትሮንስ መጥረብ ጀመሩና እጃቸው ከእንጨት ጋር ተዋደደ። የኔታ ማስታወሻ አይዙም። አንድ ጊዜ የተነበበላቸውን ነገር በዓመቱ ብትጠይቋቸው ቃል በቃል ይመልሱላችኋል። «እኛ የተማርነው በጆሮ ነው፤ ወረቀት ይጠፋል» ይላሉ። እኔ ደግሞ ወረቀት ነው የማምነው፤ በዚህ ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው።

በዚያው ሰሞን የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ለትምህርት ቤቶች ሦስት መቶ ዴስክ ለማሠራት ግልጽ ጨረታ አወጣ። ማስታወቂያው በየሰሌዳው ተለጠፈ። ሰነዱን ገዝቼ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ማን እንደሚያሸንፍ ሳይደበቅ ተጽፏል፦ ናሙናው መስፈርቱን ካሟላ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ። ለጨረታ ማስከበሪያ ሌላው ከባንክ ሲፒኦ ያመጣል፤ እኛ ግን ጥቃቅን ስለሆንን ያደራጀን ጽሕፈት ቤት የዋስትና ደብዳቤ ጻፈልን። አንዱን ዴስክ በስምንት መቶ ዘጠና ብር፣ ሁሉንም በሁለት መቶ ስድሳ ሰባት ሺህ ብር ሞላን፤ አንድ ናሙና ዴስክም አስረከብን። የኔታ ፖስታውን ከቤተ ክርስቲያን በመጣ የጧፍ ቁራጭ አሸጉት፤ እኔም የጨረታ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት።

ጨረታው ስምንት ሰዓት ላይ ተዘግቶ ስምንት ተኩል ላይ ተከፈተ፤ በሁላችንም ፊት። ተወዳዳሪዎች ሦስት ነበርን። የግዥ ቡድን መሪው አቶ አንሙት እያንዳንዱን ፖስታ እየቀደደ የተወዳዳሪውን ስም፣ ዋጋውን፣ ቅናሽ መኖር አለመኖሩን፣ ማስከበሪያውን ጮክ ብሎ አነበበ። ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ከፖስታው የወጣውን እያንዳንዱን ገጽ ፈረሙበት። የእኛ ዋጋ ከሁሉ አነሰ። ከደብረ ማርቆስ የመጣው ነጋዴ ባዘዘው ሁለት መቶ ሰባ ዘጠኝ ሺህ ሞልቶ ነበር፤ የቀረው ተወዳዳሪ ዋጋ ከሁላችንም በላይ ነው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያደምጡ ነበር። እኔ የተኙ መስሎኝ በክርኔ ጎሰም አደረግኳቸው። ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርመን ወጣን።

ጥቅምት አሥራ አምስት፣ ረቡዕ ቀን፣ የውጤት ደብዳቤ ደረሰን። አሸናፊው ባዘዘው ነው፤ «በሰጠው የስድስት በመቶ ቅናሽ መሠረት ዋጋው ሁለት መቶ ስድሳ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ስድሳ ብር በመሆኑ» ይላል።

«ቅናሽ? የምን ቅናሽ?» ብዬ ስጮህ መጋዝ የያዘው ሁሉ ቆመ።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑና የዚያን ዕለቱን ንባብ ከሥር ጀምረው ወረዱት፤ የአቶ አንሙትን ሳል እንኳ ከነቦታው። «ሦስተኛ ፖስታ፣ ባዘዘው፣ ሁለት መቶ ሰባ ዘጠኝ ሺህ፣ ቅናሽ የለም፣ ሲፒኦ ተያይዟል። ይኸው ነው የተነበበው፤ ሌላ የለም» አሉ።

«እንግዲያውስ አቤት እንበል!»

«አይ አንቺ! ከመንግሥት ጋር ተካሶ ማን ረታ? በሰማይ ይታይልን፤ በምድር ፍርድ ጠፍቷል» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

«የኔታ፣ እርስዎ በሰማይ ይታይልዎ። ሼዱን ግን የሚወስዱብን በምድር ነው።»

ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳይወዱ ሳቁ። ከጨረታው ሰነድ ጀርባ ያለውን አነበብኩላቸው፦ ቅር ያለው ተወዳዳሪ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በጽሑፍ ያመለክታል፤ ማመልከቻው ከገባ ግዥው ይታገዳል፤ ኃላፊው በአሥር ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካው ወደ በላይ አካል ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ተሳሳትን፤ እንደዚያ ያለ ስሕተት የእኛ አገር ሰው ካልሆነ ማንም አይሳሳተውም። የኔታ የሥራ ቀኖቹን በጣታቸው ቆጠሩ። «ነገ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ዓርብ እስጢፋኖስ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት። ሰኞ አንድ። ማክሰኞ ማርያም ናት። ረቡዕ ሁለት። ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ደግሞ ሰንበት፣ መድኃኔ ዓለም…» እያሉ ሄደው አምስተኛውን ኅዳር አንድ ላይ አሳረፉት። ማንም አልተጠራጠረም። በእነዚያ ቀኖች እኛ ሼድ ውስጥ ምስማር የመታ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔም ብዕሬን አንስቼ ማመልከቻውን ሳልቸኩል፣ እያሳመርኩ መጻፍ ያዝኩ። አሳምሬ ስጽፍ ሳምንት አለፈ!

ጥቅምት ሃያ ሁለት፣ ረቡዕ፣ ከቀትር በኋላ፣ የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ለመጠየቅ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ወለተ ሰንበት የሰፈሬ ልጅ ናት።

«ማመልከቻችሁስ?» አለችኝ።

«ይደርሳል፤ እስከ ኅዳር አንድ ጊዜ አለን።»

«ማን ነው የነገረሽ? እንዴ የብርጓል! እኛ እኮ በኪዳነ ምሕረትም በማርያምም ቢሮ ገብተናል። የማይቆጠረው ቅዳሜ፣ እሑድና የመንግሥት በዓል ብቻ ነው። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ዛሬ። አምስተኛው ቀን ዛሬ ነው፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እንዘጋለን።»

ሰዓቱ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ደሜ ወደ እግሬ ወረደ፤ ደግነቱ እግሬ የሚያስፈልገኝ ጊዜ ነበር። ነጠላዬን አሸርጬ ሮጥኩ። ማመልከቻው ሼድ፣ ማኅተሙ የኔታ ኪስ፣ የኔታ ደግሞ ገበያ ማዶ ግንድ ሲመርጡ። እዚያው ግንዱ ላይ አስፈረምኳቸው፤ ማኅተሙንም እዚያው መታን። የማርቆስን አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ቤት የተቃጠለ መስሎት ተከትሎ ያየኝ ነበር።

ስመለስ አሥራ አንድ ከሩብ ሆኗል። አቶ አንሙት መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«የኔ እመቤት፣ ያለቀ ነገር ነው። ባዘዘው ከነገ ወዲያ ዓርብ ውል ይፈርማል» አለኝ።

«ዓርብ? ውጤት ከተነገረ ሰባት የሥራ ቀን ሳይሞላ ውል አይፈረምም። ማመልከቻዬን አልቀበልም ካልክ ደግሞ አልቀበልም ብለህ ጻፍልኝና ፈርምበት!»

አለመጻፍን መረጠ። ወለተ ሰንበት ቁጥርና ቀን ሰጥታ «ገቢ» የሚለውን ማኅተም ስትመታው ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ያን ቀን ከማኅተም ድምፅ የሚጥም ዜማ እንደሌለ ለየኔታ ነገርኳቸውና ተቆጡኝ።

በማግስቱ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ሥራነሽ ግዥው ታግዶ እንዲቆይ ለሁላችንም በደብዳቤ አሳወቁ። ቀጥለውም እኔንና የኔታን፣ ባዘዘውንና ኮሚቴውን ጠሩ። የጠሩበት ቀን ኅዳር አንድ ነበር! በየኔታ አቆጣጠር ገና ማመልከቻ የምናስገባበት ቀን። ለሰው ሁሉ ይህን መናገር እስኪሰለቸኝ ድረስ ተናግሬዋለሁ።

ወይዘሮ ሥራነሽ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። «ቅናሹ ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁ።

አቶ አንሙት ላቡን ጠረገ። «ደብዳቤው ፖስታው ውስጥ ነበር፤ ሲነበብ በስሕተት ታልፎ ነው። ለመንግሥት ደግሞ አምስት ሺህ ብር ገደማ ያተርፋል።»

የኔታ ተነሡ። ከመንግሥት ጋር አልካሰስም ያሉት ሰውዬ መቋሚያቸውን ተደግፈው የመክፈቻውን ንባብ ከአንደኛው ፖስታ እስከ ሦስተኛው ወረዱት፤ ሳሏ ላይ ሲደርሱ ኮሚቴው ራሱ ሳቀ።

«መሪጌታ፣ አምንዎታለሁ፤ ግን የምወስነው በወረቀት ነው» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ።

ያን ጊዜ እኔ ተነሣሁ። «ወረቀቱ እርስዎ እጅ ነው። ቃለ ጉባኤውን ይመልከቱ፤ በባዘዘው ረድፍ ቅናሽ የሚለው ላይ ምን ይላል? ከሥርስ ማን ፈረመ?»

አነበቡ። «ቅናሽ፣ የለም። የፈረመው አቶ ባዘዘው ራሱ ነው።»

«አሁን ደግሞ ከፖስታው የወጡትን ገጾች አንድ በአንድ ይግለጡልን።»

ገለጡ። የዋጋው ገጽ ላይ ሦስት ፊርማ። የንግድ ፈቃዱ ላይ ሦስት ፊርማ። ሲፒኦው ላይ ሦስት ፊርማ። የቅናሽ ደብዳቤው ላይ አንድም የኮሚቴ ፊርማ የለም። ባዘዘው ወደ መስኮቱ ዞረ፤ አቶ አንሙት ጫማውን ያይ ጀመር።

ወይዘሮ ሥራነሽ ውሳኔውን እዚያው አጻፉት። «በመክፈቻው ጊዜ ለሁሉም ጆሮ ያልተነበበ ቅናሽ በግምገማ አይያዝም። ዋጋ አንሷል ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ነገ ማንም ፖስታ አያምነንም። ለባዘዘው የተሰጠው ውጤት ተሰርዟል። ናሙናው ያለፈና ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው የእንጨት ሥራ ማኅበሩ ስለሆነ አሸናፊው እሱ ነው። ደብዳቤው እንዴት ፋይሉ ውስጥ እንደገባ ደግሞ ይጣራል።» ውሳኔው ለሦስታችንም ተላከ፤ ሰሌዳ ላይም ተለጠፈ። ባዘዘው ወደ በላይ አካል መሄድ ይችል ነበር፤ ያችን ፊርማ የሌላት ደብዳቤ ይዞ ግን የት ይሂድ? አልሄደም።

የመጠበቂያ ቀኖቹ ሲያልፉ ውል ፈረምን። የኔታ ከመፈረማቸው በፊት ብዕራቸውን አንሥተው «ማስረከቢያው ስድሳ ቀን ይላል። በማን አቆጣጠር ነው?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ሥራነሽ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

በዓል አልሻርንም፤ በሌላው ቀን ግን ከወፍ ቀድመን ገባን። ኅዳር እንዳለቀ፣ ታኅሣሥ ሁለት ሰኞ፣ የጥቃቅን ጽሕፈት ቤቱ ሰው ቁልፍ ሊረከብ ደብዳቤ ይዞ መጣ። በሩን ገፋው፤ እምቢ አለው። በትከሻው ገፋው፤ ስንጥቅ ያህል ተከፈተለት። ከበሩ ኋላ እስከ ጣሪያው የተደረደረው ዴስክ ነበር የያዘው።

የኔታ ከውስጥ ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉና «በመስኮት ግባ፣ ልጄ! በሩ ሥራ ይዟል!» አሉት።