የረዲ ፍጥነት

ለወፍጮ ሻፍት የሚሆነው ወፍራም የብረት ዘንግ የመጣው በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ በአንዲት ቀጭን ልጅ ትከሻ ላይ ነው። ከአውቶቡስ ተራ እስከ አብነት ድረስ ስንት ተሸካሚ «ላግዝሽ» እንዳላት እሷ ታውቃለች፤ ለማንም አልሰጠችም። ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት በር ላይ ደርሳ ብረቱን ስታወርድ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«ጋሼ ፉርቃን እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ግቢ የኔ ልጅ።»

«ሰልሰቢል ነኝ። የረዲ ልጅ።»

ፉርቃን እጁን የሚጠርግበትን ጨርቅ እንደያዘ ቀረ። ዓይኑ ሳያስበው ወደ ግድግዳው ሄደ። እዚያ ሚስማር ላይ አንድ ሰማያዊ ቱታ ተሰቅሏል፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለቤቱ ሰቅሎት ሄደ፣ ፉርቃን ደግሞ በየአረፋው እያወረደ ያጥበውና መልሶ ይሰቅለዋል። ለምን እንደሚያጥበው የጠየቀው ሰው ካለ «አቧራ ስለሚይዝ ነዋ!» ይላል። ውሸቱን ነው። ናፍቆት ነው።

ይኸውላችሁ፣ ፉርቃንና ረዲ ከአንድ መንደር ወጥተው፣ ከአንድ ጌታ ሙያ ለምደው፣ በአንድ ማሽን ላይ ተራ እየገቡ ሃያ ዓመት የሠሩ ሰዎች ነበሩ። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ረዲ ማሽኑን ማስፈንጠር ይወዳል፤ «ብረት የሚያበራው ሲፈጥን ነው» ባይ ነው። ፉርቃን ደግሞ ለመቁረጫው ጫፍ የሚሳሳ፣ ሁሉን በዝግታ የሚሠራ ሰው ነው። አንድ ቀን ረዲ ወፍራም ብረት በሙሉ ፍጥነት ሲፍቅ ሦስት ካርባይድ፣ ማለትም የመቁረጫ ስለት፣ ተራ በተራ አቃጠለ። ፉርቃን በደንበኞች ፊት ጮኸበት፦ «ማሽኑ የኔ ነው! አትችልም በቃ!»

ረዲ ማሽኑን አጠፋ፣ ቱታውን አወለቀ፣ ሰቀለ፣ ወጣ። ወራቤ ገብቶ የራሱን ቶርኖ ተከለ። ፉርቃን ለአረፋ አገር ቤት ሲገባ ወራቤ ላይ ይወርድና በረዲ አረንጓዴ በር በኩል በእግሩ ያልፋል። በሩ ጋ ሲደርስ ልቡ ግባ ግባ ይለዋል፣ እግሩ ግን ያልፋል። ዘጠኝ ጊዜ አልፏል።

«አባትሽ ደኅና ነው?» አለ፣ ድምፁ ሻከር ብሎ።

«ስትሮክ መቶታል ጋሼ። ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም። ቶርኖውን ሸጥነው፣ አሁን በእህል ወፍጯችን ነው የምንተዳደረው። የወፍጮው ሻፍት ደግሞ ኩሽኔታው፣ የሚያሽከረክረው ቀለበት፣ የሚገባበት ቦታ ላይ ተበላ፤ ከቆመ ሁለት ሳምንቱ። ይህ ለአዲስ ሻፍት የሚሆን ብረት አባቴ አስቀምጦት የነበረ ነው፣ ሌላ የለንም። ከፉርቃን በስተቀር ማንም ጋ እንዳትሄጂ ብሎኛል። እኔ እንዳልኩሽ ደግሞ እንዳትነግሪው ብሎ...» አፏን በእጇ ያዘች።

ፉርቃን ሊስቅ ፈለገ፣ ዓይኑ ግን እንባ አቀረረ። «አልሰማሁም» አላት።

ሳጥኑን ከፈተ። ስለት ያለው ካርባይድ አንድ ብቻ ቀርቶታል። ሰሞኑን በየሱቁ የሚሸጠው ደግሞ ገና ብረት ሲነካ የሚሸረፍ ነው። አንድ ብረት፣ አንድ ስለት። ሥራው ከተበላሸ ረዲ በጥፍሩ ዳሶ ያውቀዋል፤ እና ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠበቀው ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ያመልጠዋል። ፉርቃን ያን ነው የፈራው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

«ቢስሚላህ» ብሎ ጀመረ። ሻካራው ፍቅፈቃ እጁ ላይ ያለ ሥራ ነው። ፍጥነቱን ዝቅ፣ ጥልቀቱን ሁለት ሚሊ፣ ፊዱን፣ ማለትም ቢላው በአንድ ዙር የሚራመደውን፣ ሩብ ሚሊ አደረገ። ስለት የሚገድለው ከሁሉ በላይ የፍጥነት ሙቀት ነው፤ ጥልቀት ያን ያህል አይጎዳውም። ወፍራም ፍቅፋቂ እየተሰባበረ ወደቀ። የኩሽኔታው ቦታ በመጨረሻ ልክ ዐርባ አምስት ሚሊ መሆን አለበት፤ ውፍረቱ ዐርባ አምስት ተኩል ሲደርስ ቆመና ስለቱን አየ። ደኅና ነው።

አሁን የማለስለሱ ሥራ ቀረ። ኩሽኔታ ሻካራ ቦታ ላይ ከገባ ሻካራው ይደፈጠጥና ይላላል፣ ወፍጮውም እንደገና ይቆማል። እዚህ ላይ ፉርቃን ፈራ። ለስለቱ ሳስቶ ፍጥነቱን ከቀድሞውም ቀነሰ፣ ከማሽኑ ፊድ ትንሹን መረጠ፣ ጥልቀቱን ደግሞ አምስት መቶኛ ሚሊ ብቻ ሰጠ። ማሽኑ አለቀሰ። ብረቱ የተቧጨረ፣ የደበዘዘ ሆኖ ወጣ። ፉርቃን ማሽኑን አቆመ።

«ምን ያህል ሰጠኸው?» አለ አንድ ድምፅ።

ዞሮ አየ። ሰልሰቢል ሥራው ሲጀመር ለአባቷ ደውላ ስልኳን ወደ ማሽኑ ዘርግታለች። ድምፁ ትንሽ ይኮላተፋል፣ ግን ረዲ ነው። ያ አላህ፣ ረዲ ነው!

«አምስት... አምስት መቶኛ።»

«አንተ ሰውዬ አሁንም ቆንቋና ነህ! ጫፉ እኮ ስለት ቢመስልህም ትንሽ ክብ ነው። ያን ያህል ሲያንስበት ብረቱን ያሻል እንጂ አይቆርጥም። የምትሳሳለትን ስለት ራስህ እየጨረስከው ነው። ስንት ቀረህ?»

ፉርቃን በማይክሮሜትር ለካ። «ከውፍረቱ ዐርባ ሁለት መቶኛ።»

«ሁሉንም በአንድ ጉዞ ውሰደው። መጀመሪያ ከጫፉ ሁለት ሚሊ ያህል ብቻ ቁረጥና ለካ። ፊዱን አንድ ዐሥረኛ አድርገው፤ ከበዛ ቦይ ቦይ ይሠራል፣ ካነሰ ደግሞ ስለቱ በከንቱ ብዙ መንገድ ይሄዳል።»

«ፍጥነቱስ?»

ውጭ የታክሲ ረዳት ይጮሃል።

«እሱን እኔ አልልህም» አለ ረዲ። «ማሽኑ ያንተ ነው።»

ፉርቃን ዘጠኝ ዓመት ከፍ አድርጎት የማያውቀውን የማርሽ እጀታ ያዘና ወደ ላይ ገፋው። ማሽኑ ተነስቶ ዘፈነ።

«በደቂቃ ሺህ ዙር ላይ አድርጌዋለሁ» አለ ጮክ ብሎ። «ያንተ ላይ።»

ፉርቃን ሁለት ሚሊ ቆረጠ፣ ለካ፣ ልክ ነው። ፊዱን ለቀቀው። ለቅሶው ጠፍቶ አንድ ወጥ ድምፅ ሆነ፤ ፍቅፋቂው ጥምዝ ጥምዝ እያለ ወረደ። ግማሽ ደቂቃ ቢሞላ ነው። ሲያበቃ ብረቱ እንደ መስታወት የሰልሰቢልን ቀይ ሻርፕ አሳየ።

«ጥፍርህን ሳብበት» አለ ረዲ።

ሳበበት። «አይይዝም።»

«ስለቱስ?»

«ምንም አልሆነም።»

«ሻካራውን ግን በዝግታ ነበር የፋቅከው፤ ድምፁን ሰምቻለሁ። ያኔም እሱ ላይ ልክ ነበርክ። እኔ ነኝ ሦስቱን ያቃጠልኩት።»

«ተወው ረዲ። አፌ ነው የበደለህ። አፉ በለኝ።»

ረዲ «ቱታዬ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሚስማሩ ላይ ነው። ታጥቧል።»

«በል ሻፍቱን ለልጅቷ አታሸክማት፣ ከባድ ነው።»

«እኔ ነኝ የማመጣው። ዛሬውኑ።»

«ና» አለ ረዲ። «ስትመጣ ግን በሩን አትለፈው። ዘጠኙንም አረፋ በር ስር ቁጭ ብዬ ስታልፍ አይቼሃለሁ።»