ድንቡሼ አልጠጣም አለ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሲስተር የባሏን ታላቅ እህት ያወቀቻት ፊቷን ሳታይ በድምጿ ነው። ከሕፃናት ክፍሉ በር ላይ፣ «ወረፋ ወረፋ ትላላችሁ፣ ልጁ እኮ እየነደደ ነው!» የምትለው ሴት ሌላ ልትሆን አትችልም። ያ ድምፅ በባሏ ልቅሶ ላይ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት፣ «ወንድሜን በሽታ አልገደለውም! የዚህች መርፌ ነው የጨረሰው!» ብሎ ነበር። እሷ የወጋችውን መርፌ ያዘዘው ሐኪም ነበር፤ ባሏም ኩላሊቱ ከተበላሸ ቆይቶ ነበር። ግን ማን ሊሰማት? ጎረቤት ሁሉ ልጁ ሲታመም በሯን አልፎ ሌላ ነርስ ፍለጋ ይሄድ ጀመር። እሷም አንድ ቀን ዕቃዋን ጫነችና ሰፈሩን ለቀቀች።

አሁን ያቺ ሴት ልጅ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«ውይ... አንቺ ነሽ እንዴ?»

«የልጁ አያት፣ ይግቡ» አለች ሲስተር። ድሮ «እትዬ» ነበር የምትላት።

ልጁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። በጉንጩ የተነሳ ድንቡሼ ይሉታል። ዛሬ ግን ጉንጩ ጎድጉዷል፤ አገጩ ላይ የሚንጠባጠበው ምራቅ የሸሚዙን ደረት አርሶታል። ሰውነቱ ይፋጃል። ሲስተር በእርጋታ ከንፈሩን ገለጥ ብታደርገው ድዱ ቀልቶና አብጦ ሲነካ ይደማል፤ ምላሱና የከንፈሩ ውስጥ በነጫጭ ቁስል ተሞልቷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልጠጣው?»

«ከትናንት ወዲህ አንዲት ጉንጭ አልጠጣም! ጡጦውን ሲያይ ብቻ ይጮኻል። እናቱ ለሥራ ሌላ ከተማ ናት፣ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያላደረግሁት የለም። አፉን በጨውና በሎሚ ጥርግ አድርጌ አሸሁለት፣ ትናንትም ዛሬም።»

ሲስተር ቀና አለች። ወንበሮቹ ላይ ተራ የሚጠብቁ እናቶች ሞልተዋል። ዕድል እንዲህ በሰሃን ቀርቦላት አያውቅም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ልትናገር ትችል ነበር፤ ከፍ አደረገችው።

«በጨውና በሎሚ? የቆሰለ አፍ ላይ? ልጁ ውሃ የፈራው እኮ ለዚህ ነው! እርስዎ ራስዎ ነዎት ያሰቃዩት!»

አንዲት መንታ የታቀፈች እናት፣ «ሰላጣ መሰላቸው እንዴ?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እትዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሲስተር ደረቷ ውስጥ ለስለስ ያለ ሙቀት ተሰማት። ደስታ ነበር፤ አላፈረችበትም።

ሐኪሙ መጥቶ አየው። «የቫይረስ ቁስል ነው፣ ለአንቲባዮቲክ አይበገርም። ብዙውን ጊዜ በሳምንት፣ በአሥር ቀን ይድናል። የሚያሰጋኝ ድርቀቱ ነው።» ልጁ ሲያለቅስ እንባው ጥቂት ነው፣ ዳይፐሩም ከጠዋት ጀምሮ ደረቅ ነው። «ሕመሙን አስታግሰሽ ሞክሪው። እስከ ምሳ ካልጠጣ እናስተኛውና ግሉኮስ እንሰካለታለን።»

ሲስተር አያትየዋን ውጭ እንድትጠብቅ አዘዘቻት። ልጁን መዘነችና በክብደቱ ልክ የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ ሰጠችው፤ ግማሹን ሊተፋው ሲል ጉንጩን አሻሸችለት፣ ዋጠው። ከንፈሩን ቫዝሊን ቀባችው። መድኃኒቱ እስኪሠራ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች፤ ሕመሙ ሳይቀንስ ማጠጣት ከልጅ ጋር መጣላት ነው። ከዚያ ከሠራተኞች ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘ ኦአርኤስ፣ የድርቀት መድኃኒት የተበጠበጠበት ውሃ፣ አመጣች፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ትንሽ ቀድታ፣ ቁስሉን ሳትነካ በጉንጩ በኩል ጠብ አደረገችለት። የመጀመሪያውን ተፋው። ሁለተኛውን ያዘው፣ አሰበበት፣ ዋጠው። ቅዝቃዜው ደስ ሳይለው አልቀረም፤ ዓይኑን ከሲሪንጁ ላይ አልነቀለም።

«ጎሽ የኔ ጌታ! ጎሽ የኔ አንበሳ!»

ጥቂት ጠብታ፣ ትንሽ ፋታ፣ ደግሞ ጥቂት። ብዙ ቢያጎርሱት ያስመልሰዋል። ምሳ ሳይደርስ ዳይፐሩ ረጠበ።

«እሺ፣ ቤቱ ይሂድ» አለ ሐኪሙ። «ግን አያቱ ስታጠጣው ልይ።»

እትዬ ተጠራች። ሲሪንጁን ይዛ ጎንበስ ስትል ድንቡሼ ጩኸቱን ለቀቀው። አፉን ጨምድዶ ዘጋ፤ ጭንቅላቱን ሲስተር ደረት ውስጥ ደበቀ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ... አያትህ...»

ልጁ በእግሩ ገፋት። እናቶቹ ሁሉ እያዩ ነው። መንታ የታቀፈችው «ምስኪን፣ እጇን ፈራ» አለች፤ ድምጿ ግን ምስኪን የሚል አልነበረም።

ሲስተር ከዚህ የበለጠ ልትመኝ አትችልም ነበር። ራሷ አቅዳው ቢሆን እንኳ እንዲህ አያምርም። ዝም ብትል ሐኪሙ ያስተኛዋል፣ መርፌ ይሰካለታል፤ «ከአያቱ እጅ አልጠጣም ብሎ ሆስፒታል ገባ» የሚለው ወሬም ያንን ሰፈር በሙሉ ይዞራል። እትዬ የሰጠቻትን ሁሉ፣ የልቅሶውንም ውርደት የጎረቤትንም ዓይን፣ መልሳ ትቀበላለች። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

ደረቷ ላይ የተጠጋው ልጅ ትኩስ ምራቁን ጋዋኗ ላይ እያንጠባጠበ ነበር። መርፌው የሚሰካው ለእትዬ አይደለም።

«ዶክተር፣ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» አለች። ወደ እትዬ ዞረች። «እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ሎሚ ሎሚ ይሸታል።»

ታጥባ መጣች። ሲስተር ሌላ አዲስ ሲሪንጅ በንጹሕ ውሃ ሞላችና በድንቡሼ ትንሽ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«አሁን ወለሉ ላይ ቁጭ ይበሉ። ዝቅ። አፍዎን ይክፈቱ።»

«እዚህ? ሰው ፊት?»

«እዚሁ። እንዲያውም ሰፋ አድርገው።»

ያቺ ድንኳን ሙሉ ሰው ያስደመጠች ሴት ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ እንደ ወፍ ጫጩት አፏን ከፈተች። አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። ሲስተር በልጁ እጅ ላይ ሲሪንጁን ገፋ አደረገችለት። ውሃው ተተኮሰ፤ ግማሹ አፍንጫዋ ላይ አረፈ። ድንቡሼ አያቱን አፍጥጦ አየ። እንደገና ገፋው፤ ይሄኛው ጉሮሮዋን አነቃት፣ አሳላት። ልጁ በቆሰለ አፉ «ሂ» አለ።

«ይድገምዎት» አለች ሲስተር።

ደጋገማት። ነጠላዋ በሰበሰ። እትዬ አፏን አልዘጋችም፤ ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር። ድንቡሼ ሲደክመው ሲስተር የመጀመሪያውን ሲሪንጅ ኦአርኤስ ሞልታ ለአያቱ ሰጠቻት። «እጅዎን ፊቱ ላይ አይጫኑ። በጉንጩ በኩል፣ ጥቂት።»

ልጁ አመነታ። ሲስተርን አየ፣ አያቱን አየ። ከዚያ ከንፈሩን በጣም ትንሽ ከፈት አደረገ። ዋጠው። ለሁለተኛው ራሱ ተጠጋ።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። እትዬ ከወለሉ ሳትነሳ የሲስተርን ጋዋን ጫፍ ያዘች።

«ያን ቀን... ወንድሜ ሲሞት... ያልኩት ነገር...»

«ማስታገሻው በሰዓቱ ይሰጠው፤ ሲሠራለት ጠብቀው ያጠጡት» አለች ሲስተር ጋዋኗን እየሳበች። «ቀዝቃዛ ወተት፣ እርጎ ይቻላል። ትኩስ፣ ጨው፣ ብርቱካን፣ ሎሚ የለም። ዳይፐሩ ስድስት ሰባት ሰዓት ደርቆ ከቆየ፣ ወይም ከፈዘዘ፣ አይጠብቁ፣ ይዘውት ይሩጡ። ቁስሉ ይተላለፋል፤ አይሳሙት፣ ማንኪያውንም ለሌላ አያውሱ።»

«ይቅር በይኝ እያልኩሽ ነው እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

እትዬ ልጁን አቅፋ ተነሳች።

«ነገ ጠዋት ለክትትል ይምጡ» አለች ሲስተር።

«ማንን ልጠይቅ?»

ነገ ለሲስተር የእረፍት ቀኗ ነበር።

«እኔን» አለች።