በአቡነ ዘበሰማያት የተለካ ወንዝ

«መርከቡ ሰጥሟል» ይላል ነጋዴው ቱሳ። ጠዋት ጨው ለሚገዛው ይላል፣ ከሰዓት ቡና ለሚሸጥለት ይላል። ማን ነገረህ ሲሉት «ሰው ሁሉ» ነው መልሱ፤ ሰው ሁሉ ደግሞ የሰማው ከቱሳ ነው።

እማማ ወለተ ማርያም ከአሰላ ጋምቤላ ድረስ አሥራ አንድ ቀን በጭነት መኪና የተንገላቱት አንድ ልጃቸውን ለማየት ነው። ፍሰሐ የእንፋሎት መርከቡ እሳት አንዳጅ ነው፤ አገሩን ከረገጠ ሦስት ዓመቱ። ጥቅምት ገብቶ ባሮ እየጎደለ ስለሆነ ይህ የዓመቱ የመጨረሻ ጉዞ ነው። አሁን ካመለጣቸው እስከ ሰኔ አያዩትም።

መርከቡ ቁልቁል ሱዳን ውስጥ ካለችው ናስር ለመድረስ ሁለት ቀን ነበር የፈጀበት። ሲመለስ ሰኞ ንጋት ላይ ከናስር ተነሣ የሚል ቴሌግራም መጣ። እማማ ቆጠሩ። ማክሰኞ አለፈ፣ ረቡዕ አለፈ። ሐሙስም ወንዙ ባዶ ነው።

«መኪናው ውስጥ ይግቡ እንጂ እማማ!» አለ ያመጣቸው ሾፌር ሀሰኖ። «ሌላ መኪና እስከ ሁለት ሳምንት የለም።»

«ልጄን ውሃ ከበላው አገሬ ገብቼ ላልቅስ» ብለው እግራቸውን ሲያነሡ፣ የወደቡ ጸሐፊ ሀይሉ መንገድ ዘጋባቸው።

«ማን ሞተና ነው የሚያለቅሱት?»

«በሁለት ቀን የወረደ በሁለት ቀን አይመለስም? ከአሰላ ሁሩታ ብሄድም ብመለስም መንገዱ ያው ነው!»

«መንገድ ተኝቶ ይጠብቅዎታል። ወንዝ ግን ይገፋዎታል። ይምጡ።»

ታንኳ ቀዛፊ ጠርቶ ከታች ወንዙ ዳር እስካለው ሾላ ዛፍ ወርዶ እንዲመለስ አዘዘው። እማማ አቡነ ዘበሰማያት እየደገሙ ጊዜውን ለኩ። ሲወርድ ሁለት፣ ሲመለስ ሦስት። ሀይሉ ታንኳው ላይ ሦስት ጆንያ ጨው አስጫነና እንደገና ላከው፤ ሲመለስም መሀል ላይ ቆሞ ሰው እንዲያሳፍር አደረገ። አሁን አምስተኛውን ሲጨርሱ ነው የደረሰው።

«የፍሰሐ መርከብም ሁለት ጀልባ ሙሉ ጨው ጎኑ አስሮ ነው የሚመጣው» አለ ሀይሉ። «ሽቅብ ሲመጣ ብዙ እንጨት ስለሚበላ ለእንጨትም ለሰውም አራት ቦታ ይቆማል። ውሃው ስለጎደለም ሲመሽ ዳር ይታሰራል።»

እማማ በጣታቸው ቆጠሩ። «ሁለቱ አምስት ከሆነ... ነገ ነዋ!»

ወደ ሀሰኖ ዞሩ። «ሂድ ልጄ። ዕቃዬን አውርድልኝ።»

«ቱሳ እኮ—»

«ቱሳ ሾላውንም ሰጥሟል ይበል!»

ዓርብ ረፋድ ላይ የመርከቡ ፉጨት ተሰማ። ፍሰሐ ጥላሸት እንደለበሰ ወርዶ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። እማማ አንገቱን አቅፈው፣ በነጠላቸው ጫፍ መጀመሪያ ግንባሩን፣ ቀጥሎ ጆሮውን ጠረጉለት። ጥቁሩ አልለቅ ሲል ምራቃቸውን እንትፍ እያሉ ልክ እንደ ልጅነቱ ፈተጉት።

«ግን እማዬ፣ ምነው ይህን ሁሉ መንገድ?» አለ እየሳቀ። «ሥራውን ለቅቄአለሁ እኮ። ለገና አሰላ እገባለሁ ብዬ ጽፌልሽ ነበር፤ ደብዳቤው ሳይደርስሽ ነው የተነሣሽው።»