ለአከራያችን፤ ስለ ድመቷ

አከራያቸውን ግቢው ሁሉ በሌሉበት «ጋሼ ውሉ» ይላቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ቧንቧ ፈነዳ ቢሏቸው፣ ጣሪያ አፈሰሰ ቢሏቸው፣ መጀመሪያ ከአፋቸው የሚወጣው «ውሉ ምን ይላል?» ነው። ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ሁሉም ይመሰክራል፤ ግን ከወረቀት ውጪ ሌላ ቋንቋ አይገባቸውም። እሳቸው ፎቁ ላይ ይኖራሉ። ምድር ቤቱን በአንድ በኩል ሌሊት የምትሠራ ነርስ፣ በሌላው በኩል ሶፋ አልባሿና እናቷ ተከራይተውታል።

ውሉ ደግሞ ስለ እንስሳት የሚለው ግልጽ ነበር፦ «ተከራይ ያለ አከራይ የጽሑፍ ፈቃድ ማንኛውንም እንስሳ በቤቱ ማኖር አይችልም።» ሶፋ አልባሿ ይህን ስትፈርም ስቃ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰው ድመቱ የቦጫጨቀችበትን ሶፋ እያመጣላት እንጀራዋን የምትበላው እሷ፣ ጥፍር ያለው ነገር ቤቷ ታስገባለች? አይደረግም ብላ ነበር። ሰው እንዲህ እያለ ነው እንግዲህ የሚታሰረው።

ዝናብ በሚወርድበት አንድ ምሽት ከሱቅ ስትመለስ አንዲት ግራጫ ድመት ከጓሮው በር ሥር ተኮራምታ አገኘች። የኋላ እግሯ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። ሶፋ አልባሿ የሽቦ መቁረጫ ከቦርሳዋ አይጠፋም፤ ለመቁረጥ ጎንበስ ስትል ድመቷ አልቧጨረችም፣ አልሸሸችም። በሩ ሲከፈት ግን ያንን እግሯን እየጎተተች ቀድማ ገባች፤ ቀጥ ብላ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደች፤ ባዶው ጥግ ጋ፣ ከግድግዳው ፊት ለፊት ቁጭ አለች።

«የቤት ኪራይ የምትከፍለው እሷ ናት እንዴ?» አለች እናትየው። እናትየው ጉልበቷ አይታዘዛትም፤ ምላሷ ግን ለሁለት ይበቃል። «አካሄዷን አየሽልኝ? ወይዘሮ!»

ስሟ በዚያው ወይዘሮ ሆኖ ቀረ።

በማግሥቱ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ ቁስሉን አጠበ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወጋት፣ የሆድ ትል መድኃኒት ሰጣት። ስለ ማምከን ስትጠይቀው የድመቷን ሆድ ጸጉር ገለጥ አድርጎ ቀጭን ጠባሳ አሳያት። «ይቺ ቀድሞ ኦፕራሲዮን ተደርጋለች። የመንገድ ድመት አይደለችም፣ የሰው ናት። ጥሩ ዜናው፣ ወንድ ፍለጋ ሌሊት የምትጮኸው ጩኸት አይኖርም።» የሰው ከሆነች ባለቤቷ ይፈልጋት ይሆናል ብላ ሶፋ አልባሿ ምልክቷን ጽፋ ሰፈሩ ውስጥ ባሉ ሱቆች ለጠፈች። ማንም አልመጣም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እናትየው፣ ያቺ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እያለች ስታላግጥ የነበረችው፣ ወይዘሮን ጭኗ ላይ አስተኝታ ስትጨዋወት ተገኘች። አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ አለች፦ «ቀን ቀን አንቺ ሥራ ነሽ። እኔ ከግድግዳ ጋር ነበር የማወራው። ይቺ ብትሄድ እኔ ይከፋኛል፤ አልደብቅሽም።» ሶፋ አልባሿ ይህን ከሰማች በኋላ እንቅልፍ እምቢ አላት። ጋሼ ውሉ እምቢ ካሉ ወይ ድመቷ ትወጣለች፣ ወይ እነሱ ይወጣሉ። ደረጃ የሌለው ቤት፣ ለእናቷ ጉልበት የሚሆን፣ ሌላ የት ይገኛል? ደብቆ ማኖርም አለ፤ ግን ተደብቃ የተገኘች ድመት ከነባለቤቶቿ እንደምትባረር ታውቃለች። ስለዚህ ደብዳቤ መጻፍ ነበረባት።

መጀመሪያ የጻፈችው ልመና ብቻ ሆነባት። «እባክዎን»፣ «ስለ እናቴ ብለው»፣ «አንጀትዎ ይራራ»። አነበበችውና ቀደደችው። ሶፋ የሚያሠራ ደንበኛ «እባክህ እመነኝ» በሚል ሰው እጅ ዕቃውን አይጥልም፤ ጨርቁን ያሳዩኝ፣ ስፌቱን ያሳዩኝ ነው የሚለው። እሷም እንደ ሥራዋ ጻፈች።

«ይድረስ ለተከበሩ አከራያችን።

በውላችን መሠረት አንዲት ድመት ለማኖር የጽሑፍ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። ድመቷ ግራጫ፣ ጭራዋ ጫፉ ላይ የተቆለመመ፣ ያደገች እንስት ናት። እግሯ በሽቦ ቆስሎ ስላገኘኋት ሳላስፈቅድዎ አስገብቻታለሁ። ይህ ከውሉ ውጪ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

ስለ ጉዳት፦ ሥራዬ ሶፋ ማልበስ ስለሆነ ድመት ምን እንደምታበላሽ ከብዙ ሰው የበለጠ አይቻለሁ። ድመት የምትቧጭረው ለክፋት ሳይሆን ጥፍሯን ለመሳልና ለመንጠራራት ነው፤ ደግሞም ከምትተኛበትና ከምትወጣበት አጠገብ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ቦታ በገመድ የተጠቀለለ፣ ቆማ የምትንጠራራበት የማይነቃነቅ ግንድ አቁሜያለሁ፤ እስካሁን የምትቧጭረው እነሱን ነው። የምትጸዳዳበት ሳጥን መታጠቢያ ቤት ነው፤ ጠዋትና ማታ ይጠረጋል፣ በየሳምንቱ ይታጠባል። ሽታ ካለ የእኔ ስንፍና ነው። መስኮቶቹ ላይ ወንፊት ሽቦ ገጥሜያለሁ፤ ግድግዳው አልተበሳም፣ ሲፈለግ ይነቀላል። ለሚደርስ ጉዳት ሁሉ እኔ ኃላፊ ነኝ፤ ሳልጠግን ብቀር ካስያዝኩት ገንዘብ ላይ ይቁረጡ።

ስለ ጩኸት፦ ድመቷ መክናለች። ማታ ከመተኛታችን በፊት አጫውተን እናበላታለን፤ የጠገበች ድመት ሌሊት በር አትቧጭርም። ቀን የምትተኛው ነርስ ጎረቤታችን ድምፅ ሰምታ እንደማታውቅ ጽፋ ፈርማልኛለች።

የሐኪሙ ካርድ ቅጂና ፎቶዎች ተያይዘዋል። ለሦስት ወር በሙከራ ይፍቀዱልኝ፤ ቀድመው ነግረውኝ በፈለጉት ቀን ገብተው ይዩ። ቅሬታ ካለ በጽሑፍ ያሳውቁኝ፤ በአሥራ አምስት ቀን ካላስተካከልኩ ፈቃዱ ይሰረዝ።

በጓሮው በር ግርጌ ያለው ጭረት ግን የዚህች ድመት ሥራ አይደለም። ከቀለሙ ሥር ነው፤ እኛ ከመግባታችን በፊት የነበረ ነው። ፎቶውን ይመልከቱ።»

እናትየው ሁሉንም አዳመጠችና መጨረሻው ላይ እጇን አነሳች። «ይሄን የበር ነገር ተይው። ሰው እየለመኑ ነገር ይፈልጋሉ እንዴ?»

«እማዬ፣ ስንገባ ቤቱ ምን እንደሚመስል ማንም አልመዘገበም። ዛሬ ዝም ካልኩ፣ የምንለቅ ዕለት ያ ጭረት በወይዘሮ ላይ ነው የሚቆጠረው።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለች እናትየው። «እኔ ነግሬሻለሁ።»

ደብዳቤውን ጠዋት በእጃቸው ሰጠቻቸው። ጋሼ ውሉ እዚያው ደረጃው ላይ ቆመው መነጽራቸውን አደረጉ፤ አነበቡ፤ ፎቶዎቹ ላይ ሲደርሱ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ «አስብበታለሁ» ብለው በራቸውን ዘጉ። ሶፋ አልባሿ ያን ቀን ሱቅ ውስጥ የአንዱን ወንበር ጨርቅ ገልብጣ ሰፋችው። እንደገና ፈታችው።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ አንኳኩ። ደብዳቤዋን በአንድ እጃቸው፣ ውሉን በሌላው ይዘዋል። ግንዶቹን ይዘው ገፋ ገፋ አደረጓቸው፤ አልተነቃነቁም። መታጠቢያ ቤቱ ገብተው አሸተቱ። ወንፊቱን አዩ። በመጨረሻ የጓሮው በር ጋ ሄደው ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና ጭረቱን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ደብዳቤሽ ጥሩ ነው። አንድ ውሸት ግን አለበት።»

ሶፋ አልባሿ ፊቷ ጋለ። «ጋሼ፣ እኔ አልዋሸሁም። ጭረቱ ከቀለሙ ሥር ነው ያለው፣ ራስዎ ይዩት።»

«ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ። ከቀለሙ ሥር መሆኑ ልክ ነው። የሷ አይደለም ያልሽው ነው ያልሆነው።» ቀና አሉ። «የሷ ነው። ከእናንተ በፊት እዚህ የነበሩት ሰዎች ድመት ናት። ጭራዋን ፎቶው ላይ ሳየው አወቅኳት።»

እናትየው ከወንበሯ ላይ «በሉ እንጂ!» አለች።

ጋሼ ውሉ አልተቀመጡም። ቆመው ነገሯቸው፤ መዝገብ የሚያነቡ ይመስላሉ። ሰዎቹ የለቀቁ ዕለት አልጋውን ጫኑ፣ ቁም ሣጥኑን ጫኑ፣ የመጋረጃ ዘንጉን ሳይቀር ነቅለው ጫኑ። እሷን አልጫኑም። ከውጪ ሆና ይህንን በር ቀንም ሌሊትም ስትቧጭር ሰነበተች። ሰዎቹ ቢደወልላቸው ስልክ አያነሱም። ጋሼ ውሉ ባዶውን ቤት ከፍተው ቢያስገቧት ሰው ትፈልጋለች። በመጨረሻ አይጥ ያስቸገረው የእህል መጋዘን ወስደው ለዘበኛው ሰጧት። «ጥሩ ሰው ነው፣ ወተት ይሰጣታል። እሷ ግን እዚያ አልተቀመጠችም። ሽቦውም መንገድ ላይ ይሆናል ያገኛት።» ውሉን ከፍ አድርገው አሳዩዋት። «ውሉ ላይ ያንን መስመር የጨመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በር አሳዝኖኝ እንዳይመስልሽ።»

ሶፋ አልባሿ በሩ ግርጌ ያለውን ጭረት ደግማ አየችው።

«በሩን አሰብሽ፣ መስኮቱን አሰብሽ፣ ጎረቤቱን አሰብሽ» አሉ ጋሼ ውሉ። «በር ይቀባል። እኔ ያን ሁሉ አነበብኩና የምፈልጋትን መስመር አጣኋት። ስትለቂስ?»

እውነትም አልጻፈችውም። ስለሚጠገን ነገር ሁሉ ጽፋ፣ ስለማይጠገነው አላሰበችም ነበር። አፈረች። «ስለቅ ይዣት ነዋ የምለቀው» አለች።

«እነሱም ሲገቡ እንደዚያ ብለውኝ ነበር። በአፍ።»

ውሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ እስክሪብቷቸውን አወጡና ከእንስሳቱ መስመር ሥር፣ በዚያ በመዝገብ ቤት እጅ ጽሑፋቸው፣ ጻፉ፦ «ደብዳቤው የዚህ ውል አካል ሆኖ ተፈቅዷል። ተከራይዋ ቤቱን ስትለቅ ድመቷን ይዛ ትለቃለች።» ፈረሙ። እስክሪብቶውን ለሶፋ አልባሿ ሰጡ፣ እሷም ፈረመች። ከዚያ እናትየው እጇን ዘረጋች።

«እርስዎ እንኳ የውሉ ተዋዋይ አይደሉም» አሉ ጋሼ ውሉ።

«እስቲ ይስጡኝ! እሷ ሱቅ ስትውል ድመቷን ማን የሚጠብቅ መሰለዎት?» ብላ ከልጇ ፊርማ ሥር ሞነጫጨረች። ጋሼ ውሉ አልከለከሉም።

ወይዘሮ ይህ ሁሉ ሲሆን ወጥ ቤቱ ውስጥ ነበረች። እንደ ሁልጊዜዋ ባዶው ጥግ ጋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። ጋሼ ውሉ ሊወጡ ሲሉ አዩዋትና ቆሙ።

«ሁልጊዜ እዚያ ናት» አለች ሶፋ አልባሿ። «ምን እንደምትፈልግ አላወቅንም።»

«የነዚያ ሰዎች ማቀዝቀዣ እዚያ ነበር» አሉ ጋሼ ውሉ። «ወተቷ የሚወጣው ከዚያ ነው። ከጎኑም ሞቅ ስለሚል እዚያው ትተኛ ነበር።»

ሶፋ አልባሿ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ከዚያ የራሳቸውን ማቀዝቀዣ አየች፤ በር አጠገብ፣ ሶኬቱ የሚመቸው እዚያ ስለሆነ ነበር ያቆሙት።

«ጋሼ፣ ወደዚያ ጥግ ባስጠጋው ችግር አለው?»

ጋሼ ውሉ ውሉን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ አንጠለጠሉ።

«ውሉ ስለ ማቀዝቀዣ የሚለው ነገር የለም» አሉ። «በዚያ በኩል ያዢው።»