ባለቤቷ ደላላ ደርበው

«ደርበው ደርብ ያገኘ ዕለት በደስታ ይሞታል» እያሉ የመቱ ነጋዴዎች ያሾፉበት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በቅሎ ሲያሻሽጥና ጭቃ ቤት ሲያከራይ የኖረ ደላላ ነዋ! በ፲፱፻፳፭ ዓመተ ምሕረት፥ በሰኔ መባቻ፥ ገበያው ዳር የምትኖረው ጥሩአየሁ አስጠርታ «ጋሼ ደርበው፥ አዲሱን ደርብ ያከራዩልኝ» ስትለው ግን አልሞተም። ምነው በሞትኩ ያለው ኋላ ነው።

ቤቱን ያስጀመረው ባሏ ሙሉብርሃን ነበር። ግድግዳው እንደቆመ «ለበሩ ደህና ጓጉንቸር ከጋምቤላ ይዤልሽ እመጣለሁ» ብሏት ቡና ጭኖ ወረደ፤ በዚያው ቀረ። ሦስት ዓመት ሙሉ! አንዱ ወባ በላው አለ፥ አንዱ ሱዳን ተሻገረ አለ። ዘመዶቿ ተዝካሩን አውጪና እርምሽን አውጪ ሲሏት «የማንን ተዝካር? ሰውዬው ጓጉንቸር ሊያመጣ ነው የሄደ» ትላቸው ነበር። ቤቱን ተበድራ ብቻዋን አስጨረሰች። ላይኛውን ለማከራየት የተነሳችው እንኳ እሱ ሳይመጣ ቤቱ ከእጇ እንዳይወጣ ብላ ነው። ለበሩ ግን ጓጉንቸር አልገዛችለትም፤ በእንጨት መወርወሪያ እየዘጋች ታድር ነበር።

ደርበው ነገሩን እንደ በቅሎ ገበያ ሊያየው አልፈለገም። ከጎሬ አንድ አርመን ፎቶግራፍ አንሺ መጥቶ ነበርና ቤቱን አስነሳው። አርመኑ «ሰው ይቁምበት፥ ያለዚያ ትልቅነቱ አይታይም» ቢል ጥሩአየሁ ነጠላዋን አጣፍታ ሰገነቱ ላይ ቆመች። ሥዕሉ ሦስት ሆኖ ታጠበ፤ አንዱ ለመቱ፥ አንዱ ለጎሬ፥ አንዱ የጋምቤላ መንገደኛ ሁሉ ለሚያልፍበት ለቡሬ። ደርበው የቄስ ትምህርት ቀምሷልና ከሥሩ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ራሱ ጻፈ። ሦስት ቀን ፈጀበት፤ ሲጽፍ እንደ ደብተራ ያጉረመርም ነበር።

«የምትከራይ አዲስ ደርብ፥ በመቱ ከተማ፥ ገበያው አጠገብ። ክዳኗ ቆርቆሮ፥ ወለሏ ሳንቃ፥ ሁለት ሰፊ ክፍል ከነሰገነቷ። መውጫ ደረጃዋ ለብቻው። ከጓሮ ማድ ቤትና የበቅሎ ጋጣ አለ። ምንጩ ቅርብ ነው። ኪራይዋ በስምምነት። ጠያቂ መቱ ገበያ፥ ከዋርካው ሥር ይምጣ። ባለቤቷ ደላላ ደርበው።»

ሲያነብላት «ምንጩ ቅርብ ነው» እስከሚለው ድረስ ፈገግ እያለች ሰማችው። መጨረሻው ላይ ግን «ኧረ ጋሼ! ባለቤቷማ እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ መሆንሽን ማን አጣው? ስምሽን ብጽፍ ግን ተከራዩ በቀጥታ አንቺ ዘንድ ይመጣና እኔን ይዘለኛል። ስንቱ ዘሎኛል መሰለሽ! ባለቤቱ እኔ ነኝ ካልሁ ወደ እኔ ይመጣል፥ እኔ ይዤው እመጣለሁ፤ አለቀ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ምን ይላል? ደርበው ቤት ሠራ ይላል። ይበል!» ብሎ ሳቀ። እውነቱን እንናገር፤ ነገሩ ደስም ብሎት ነበር። ዕድሜ ልኩን የሰው ቤት ያከራየ ሰው በጽሑፍ እንኳ ባለቤት ቢሆን ምን አለበት ብሎ ነው። እሷም ትልቅ ሰው መሟገት ነውር መስሏት «እንዳሉ ይሁን» አለች።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ መንገዱን ሁሉ ጭቃ አደረገው፥ ጠያቂም ጠፋ። በወሩ መጨረሻ ግን ሥዕሉን ሱቁ ውስጥ የሰቀለው የቡሬው ባለሱቅ ፈንታሁን ለንግድ ወደ መቱ መጣና ከዋርካው ሥር ወረደ። በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ለደርበው አስጨበጠው።

«ጋሼ፥ እንኳን ደስ ያለዎ! ለካ ሚስት አግብተዋል?»

«እኔ? የምን ሚስት?»

«ከሰገነቱ ላይ ያለችዋ ነቻ! አንድ የከሳ መንገደኛ ከጋምቤላ ወጥቶ ሱቄ ገባ። ሥዕሉን ሲያይ ቆሞ ቀረ። ፊደል አልቆጠረም መሰለኝ፥ አንብብልኝ አለኝ፤ አነበብሁለት። መጨረሻውን ድገምልኝ አለ፤ ‹ባለቤቷ ደላላ ደርበው› ብዬ ደገምሁለት። በጣቱ እሷን እያሳየ ‹የዚች ባለቤት?› አለኝ። እኔ ቤቷን የሚል መስሎኝ አዎ አልሁት። ‹ልጅ ወለዱ?› ሲለኝ ነገሩ ግር አለኝና እንጃ አልሁት። ከዚያ ከጓዙ ይህን አወጣና ‹ለባለቤቷ ስጥልኝ› ብሎ ሄደ። እኔማ ከሄደ በኋላ ነው፥ ለካ ባሏ ማለቱ ኖሯል ያልሁ።»

ደርበው ጨርቁን ፈታው። ጓጉንቸር ነው፥ አዲስ፥ ከነመክፈቻው፤ ዝገት እንዳይነካው በቅባት ታሽቷል።

«ወዴት ሄደ?» አለ።

«ወደ መጣበት ነዋ። ክረምት አይደል፥ ጀልባው ባሮ ላይ አለ። ምነው ጋሼ፥ አመመዎ?»

ደርበው ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ደግ ሰው ነው እላችኋለሁ፤ ግን ደግ ሰውም ቢሆን እንዲህ ያለ ሰዓት ይፈተናል። ዝም ብልስ? አለ በልቡ። ጓጉንቸሩን ገደል ብወረውረው ማን ያውቃል? እሷ እንደሆነች እንደጠበቀች ትኖራለች። ይህን ሲያስብ ነው ያፈረው፤ ካረጀ ወዲህ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። ተነስቶ በዝናቡ ውስጥ ሄደ።

ጥሩአየሁ ጓጉንቸሩን ስታይ ፊቷ በራ። «መጣ! የት አለ?» ብላ ወደ ደጅ ሮጠች። ደርበው ያንን ፊት እስኪሞት አልረሳውም። በሩ ላይ ይዟት ሁሉንም ነገራት፤ አንድም አልደበቀ። አለቀሰም፥ ነጭ ጺሙ እስኪርስ። እሷ አላለቀሰችም። «ብዬዎት ነበር እኮ ጋሼ» ብቻ አለች፤ ከስድብ ሁሉ የባሰችው ይህች ቃል ናት።

በማግስቱ ሁለት በቅሎ ጭነው ወረዱ። ቡሬ ሲደርሱ ሰውየው ከሄደ ሳምንት አልፎታል። ጋምቤላ ድረስ ሰው ቢልኩ ጀልባዋ ሄዳለች፥ የከሳ ሰው ተሳፍሮባታል የሚል ወሬ መጣ። ጥሩአየሁ ከፈንታሁን ሱቅ ገብታ ሥዕሉን ብዙ አየችው። ከዚያ «ጋሼ፥ ይጻፉ» አለች።

ደርበው አሮጌውን ጽሑፍ ልጦ አዲስ ወረቀት ዘረጋ። ስለ ቆርቆሮው፥ ስለ ሳንቃው፥ ስለ ምንጩ ሊጽፍ ሲል «ይተውት፥ ይህን እሱም ያውቀዋል» አለችው። እሷ ስትናገር እሱ ጻፈ።

«ይህች ደርብ አትከራይም። ባለቤቷ ሙሉብርሃን ነው። ጓጉንቸሩ ደርሷል። ሌላ ባል አለማግባቴን ይህን ያየ ሁሉ ይንገርልኝ።»

ደርበው ከሥሩ ስሙን ጨመረ፦ «በስሕተት የጻፍሁ እኔ፥ ደላላ ደርበው።» ከዚያ ወዲያ ቤት አላከራየም። ጀልባ በሚመጣበት ክረምት ሁሉ ቡሬ እየወረደ ከፈንታሁን ሱቅ ደጅ ይቀመጥ ነበር። ፊደል የማያውቅ መንገደኛ ከሥዕሉ ፊት የቆመ እንደሆነ ሳይጠየቅ ተነስቶ፥ ቃል በቃል ያነብለታል።